ከታርማበር ቁልቁል፦ የአንድ አይሱዙ አደጋ ቃል

ፋይሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ አደጋው ከደረሰ ከሦስት ሳምንት በላይ ሆኖታል። እንቁጣጣሽ አልፏል። መኪናው ደብረ ብርሃን አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ዝናብ እየመታው ቆሟል። የመኪናው ባለቤት በየቀኑ ትደውላለች። የመኪናው ሥራ ነው ቤቱን የሚያኖረው፤ ስለዚህ አልፈርድባትም።

ለዓመታት የሠራሁት በመድን ሥራ፣ የመኪና ካሳ ክፍል ውስጥ ነው። ብዙ ፋይል አይቻለሁ፤ ይኼኛው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። የተያዘው በገንዘብ ምክንያት አልነበረም። ማንም አጭበርብሮም አልነበረም። የተያዘው የአደጋው ቃል በደንብ ስላልተጻፈ ብቻ ነው። የሰዎቹን ስም፣ የታርጋ ቁጥርና የመድን ድርጅቱን ትቼ የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ።

ቅጹ ላይ «የአደጋው ዝርዝር» በሚለው ክፍት ቦታ የተጻፈው ይህ ነበር፦

«በ14/12/2011 ከቀኑ 6፡20 ሲሆን መኪናችን ድንች ጭኖ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት በመጓዝ ላይ ሳለ ታርማበር አካባቢ በመጥፎ አየር ምክንያት ከቆመ መኪና ጋር ተጋጭቶ ከኋላም በሚኒባስ ተመትቶ ከፍተኛ ጉዳት ደርሶበታል። ሹፌሩ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በጥንቃቄ ሲያሽከረክር ነበር። ስለሆነም ካሳው በአስቸኳይ እንዲከፈለን እንጠይቃለን።»

ላይ ላዩን ሲታይ ምንም አይልም። ሁሉም ነገር ያለ ይመስላል። ግን ከትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ጋር አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጠው ሦስት ቦታ ላይ አልገጠመም።

መጀመሪያ ሰዓቱ። የፖሊሱ ፕላን «ከጠዋቱ 12፡20» ይላል። ቅጹ ደግሞ «ከቀኑ 6፡20»። ቅጹን የሞላው የባለቤቷ ወንድም ነው። እሱ አደጋው ቦታ አልነበረም። ረዳቱ በስልኩ ያነሳቸውን ፎቶዎች ሲያይ ስልኩ የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የመጀመሪያው ፎቶ ላይ 06:31 ይላል። ከዚያ ተነስቶ «6፡20» ብሎ ጻፈ። ከፊቱ «ከቀኑ» ስትጨመርበት ደግሞ ጠዋቱ እኩለ ቀን ሆነ። ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። ነሐሴ ውስጥ ታርማበር ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ከ20 ገና ፀሐይ እየወጣች ነው፤ መብራት አብርተህ ነው የምትነዳው። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ፋይሉን ያየው ሰው «በእኩለ ቀን የቆመ ከባድ መኪና እንዴት አይታይም?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ቀኑም እንዲሁ ነው። 14/12/2011 በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 14 ነው፤ ነሐሴ 12ኛ ወር ነውና። የመድን ውሉ ግን የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። መዝገብ ላይ ያስገባችው ልጅ እንዳለ ስትጽፈው ዲሴምበር 14 ቀን 2011 ሆነ። ያን ጊዜ ይህ ውል ገና አልተገባም። ፋይሉ የመጀመሪያውን ሳምንት የበላው በዚህ ነው። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ብቻ ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ግን ዋናው ጉዳይ ነው። «ከቆመ መኪና ጋር ተጋጭቶ ከኋላም በሚኒባስ ተመትቶ።» የትኛው ቀደመ? አይሱዙው ራሱ መንገድ ላይ የቆመውን ከባድ መኪና ተሳቢ መታና ቆመ፣ ከዚያ ሚኒባሱ መጥቶ ከኋላው ገባበት? ወይስ አይሱዙው ከተሳቢው ኋላ በሰላም ቆሞ ሳለ ሚኒባሱ ገፍቶ ከተሳቢው ጋር አላተመው? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ብር ነው። ገፍቶት ከሆነ የፊቱም የኋላውም ጉዳት መነሻ ሚኒባሱ ነው። ሁለት የተለያየ ምት ከሆነ ግን የፊቱ የአይሱዙው ሹፌር ጉዳይ ነው፤ የኋላው የሚኒባሱ።

የሚኒባሱ ሹፌር ለፖሊስ የሰጠው ቃል «ከፊቴ ድንገት ቆመብኝ» የሚል ነው። የእኛ ቅጽ ደግሞ «ተጋጭቶ ከኋላም» ብሎ ነገሩን አድበስብሶ አለፈው።

ወንድምየውን ጠራሁት። ቅን ልጅ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ሆነ፦ «ሚኒባሱ ገፍቶን ነው ብንል ምን አለበት? ሁሉንም እነሱ ይከፍላሉ፣ የእኛም ሹፌር ጥፋተኛ አይባልም።»

ይህን ሐሳብ በጣም ብዙ ሰው ዘንድ አይቼዋለሁ። ሰው ሹፌሩ ጥፋት ካለበት ካሳ የሚከለከል ይመስለዋል። ለዚህ መኪና የተገባው ውል ግን ሙሉ ሽፋን ነው። ሙሉ ሽፋን መኪናህን የሚጠግነው ጥፋቱ የሌላ ሰው ስለሆነ አይደለም። ሹፌርህ ተሳስቶ ቢያጋጭም ይጠግናል፤ ውሉ ላይ የተጻፈው ተቀናሽ ብቻ ካንተ ይነሳል። ካሳውን የሚያሰናክሉት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ መንጃ ፈቃዱ ለመኪናው ዓይነት ካልሆነ፣ ሹፌሩ ጠጥቶ ከሆነ፣ ሊብሬው ላይ ከተፈቀደው ጭነት በላይ ከተጫነ። የሐሰት ቃል ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይከፋል። ሊከፈልህ የነበረውን ጭምር ያሳጣሃል።

«ሹፌሩን አምጣልኝ» አልኩት። «ረዳቱንም።»

በማግስቱ ሁለቱም መጡ። ሹፌሩ በዕድሜ የገፉ፣ በዚያ መንገድ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ግራ እግራቸውን ትንሽ ያነክሳሉ። ቁጭ እንዳሉ ቅጹን አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙና «ልጄ፣ ይሄን እኔ አላልኩም» አሉ።

«እሺ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳዩት ይንገሩኝ። ከታርማበር ዋሻ ከወጡ ጀምሮ።»

የቃል አጻጻፍ ላይ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ሰው ስለ አደጋ ሲናገር የሚጀምረው ከድምፁ ነው። «ጓ አለ» ይላል። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄደ ምክንያት ይፈልጋል። እኔ ግን ከምቱ ሦስት አራት ደቂቃ ቀደም ብዬ አስጀምራቸዋለሁ። በስንተኛ ማርሽ ነበር? መብራቱ በርቶ ነበር? ከፊት ምን ይታይ ነበር? መጀመሪያ ያዩት ነገር ምንድን ነው? ካዩ በኋላ መጀመሪያ ያደረጉት? እንዲህ ስንሄድ ታሪኩ ሰከንድ በሰከንድ ይዘረጋል።

ታርማበርን የሚያውቅ ሰው ጭጋጉን ያውቀዋል። በክረምት ከቆላው፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል፣ እርጥብ አየር ገደሉን ይዞ ይወጣል። ሲወጣ ይበርዳል፤ ደጋው አፋፍ ላይ ሲደርስ ደመና ሆኖ መንገዱ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን እስከ ዋሻው አየሩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ጣሊያን ከሠራው ከዚህ ዋሻ ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ስትጀምር ግን ነጭ ግድግዳ ይገጥምሃል። «መጥፎ አየር» የሚለው ቃል ይህን አይናገርም። ዝናብም መጥፎ አየር ነው፣ ነፋስም መጥፎ አየር ነው። ካሳ የሚገምተው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ስንት ሜትር ይታይ እንደነበረና አስፋልቱ ምን እንደሚመስል ነው።

«ስንት ሜትር ይታይ ነበር ጋሼ?»

«ሜትሩን እንጃ። ሁለት አይሱዙ ከፊትህ ቢደረደር፣ ሦስተኛው አይታይህም።»

ጥሩ መለኪያ ነው። ጋራዥ የቆመውን የእሳቸውን መኪና ከጫፍ ጫፍ ብንለካው ሁለቱ ከነክፍተታቸው ወደ ሃያ አምስት ሜትር ይሄዳሉ ብለን ገመትን። ቃላቸው ላይ ግን ሁለቱንም ጻፍን፤ እሳቸው ያሉትንም፣ እኛ በሜትር የገመትነውንም።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ፕላኑ ላይ የፍሬን ምልክቱ 14 ሜትር ተብሎ ተለክቷል። መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ አስፋልቱም ርጥብ። እንዲህ ያለ ቦታ ጎማ ቆልፎ 14 ሜትር ለመንሸራተትና እዚያው ለመቆም እንኳ መነሻው ከ30 በላይ መሆን አለበት፤ ወደ 34 ይጠጋል። ይህ መኪና ደግሞ አልቆመም። 14 ሜትር ተንሸራቶ ከዚያ ተጋጨ። ስለዚህ 30 ሊሆን አይችልም።

«ጋሼ፣ ሠላሳ ነበሩ?»

ትንሽ ቆዩ። «ቆጣሪውን አላየሁትም። በሦስተኛ ማርሽ ይዤው ነው የምወርደው። በሦስተኛ ያቺ መኪና እዚያ ቁልቁለት ላይ አርባ ገደማ ትሄዳለች። ሠላሳ ያለው ልጁ ነው።»

አርባ ገደማ ስንል ሁሉም ነገር ገጠመ። በሰዓት 40 ማለት በሰከንድ 11 ሜትር ነው። ሰው አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ በዚያች ሰከንድ 11 ሜትር ሄዷል። 11 እና 14 ሲደመሩ 25። ማለትም መጀመሪያ ያዩት ከ25 ሜትር ላይ ነው። «ሁለት አይሱዙ» ያሉት እሱ ነው። በዚያ ፍጥነት ለመቆም ደግሞ በድምሩ ሠላሳ ሜትር ያህል ያስፈልጋቸው ነበር። አምስት ሜትር አነሰቻቸው።

ይህ ስሌት ግምት ነው። የአስፋልት እርጥበት፣ የጎማ ጥርስና የጭነት ክብደት ይለዋውጡታል። ግን ሹፌሩ ሳያውቁት የተናገሩት ከፖሊሱ ሜትር ጋር ሲገጥም ቃላቸው ሁሉ ክብደት ያገኛል። «30» ብለን ብንተወው ግን አንዱ ቁጥር ሌላውን ሁሉ ይዞ ይወድቅ ነበር።

ከዚያ ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን።

«ተሳቢውን ከመቱ በኋላ ምን አደረጉ?»

«ደነገጥኩ። የእጅ ፍሬን ሳብኩ። ሞተር አጠፋሁ። ረዳቴን ‹ደህና ነህ?› አልኩት። ‹ደህና ነኝ› ብሎ ወርዶ ወደ ኋላ ሮጠ። ከዚያ እኔም ልወርድ በሩን ከፈትኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሚኒባሱ መጣ።»

«በሩን ከፍተው ሳለ?»

«አዎ። ግራ እግሬን አውጥቼ ነበር። ሲመታን በሩ ተመልሶ እግሬ ላይ ተዘጋ። ይኸው።» ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። የግራ ቅልጥማቸው የውጭ ጎን ላይ የበር ጠርዝ የሚያህል፣ ጣት የሚረዝም ቁስል ነበር። ገና አልጠገገም።

«ይሄን ለማን ተናገሩ?»

«ማን ጠየቀኝ? የእግር ነገር ለመኪና ምን ያደርጋል ብዬ።»

ሁሉን ነገር የፈታው ይህ ቁስል ነው። ሚኒባሱ ገፍቷቸው ቢሆን ኖሮ እግራቸው ከመሪው ሥር ነው የሚሆነው፤ ቢመቱም ጉልበታቸው ፊት ለፊት ነው የሚጎዳው። በር የሚዘጋበት እግር ውጭ ያለ እግር ነው። እግር ውጭ የሚሆነው መኪናው ቆሞ፣ በሩ ተከፍቶ ነው። በዚያ ላይ ደብረ ሲና የታከሙበት ወረቀት ላይ «ግራ ቅልጥም፣ የውጭ ጎን፣ በመኪና በር» ተብሎ በዚያው ቀን ተጽፏል። ቀኑን ማንም ሊያሻሽለው አይችልም።

ረዳቱም የራሱን ተናገረ። ወርዶ ከመንገዱ ዳር ቅጠል ቆርጦ ወደ ኋላ ሲሮጥ የሚኒባሱ መብራት ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለ። ቅጠሉን አውለበለበ። ሚኒባሱ አጠገቡ ፍሬን እየያዘ አለፈው። ምን ያህል ርቆ እንደነበር ስጠይቀው ተነስቶ ቢሮ ውስጥ በእርምጃ ቆጠረልኝ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ «ከዚህም ትንሽ ያልፋል» አለ። አሥራ አምስት እርምጃ ጻፍን።

ወንድምየው አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማል። «ገፍቶን ነው» የሚለውን ሁለተኛ አላነሳውም።

አንድ ነገር ግን ሳይፈታ ቀረ። የሚኒባሱ ሹፌር አይሱዙው አራቱን ፍሬቻ አላበራም ብሏል። ሹፌራችንን ጠየቅኳቸው። «ማብራት ነበረብኝ። አብርቼ ይሆን? አላስታውስም ልጄ» አሉ። ረዳቱም አላየም። «አብርቻለሁ» ብለው እንዲጽፉ የሚገፋ ሰው ብዙ ነው። እኔ «አላስታውስም» ብለን እንድንጽፍ ነገርኳቸው። የማያስታውሱትን አላስታውስም ያለ ሰው፣ አስታውሳለሁ ያለው ሲነበብ ይታመናል።

በመጨረሻ የተጻፈው ቃል ይህ ነው። የሰዎችንና የታርጋን መለያ አውጥቼ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፦

«አደጋው የደረሰው ማክሰኞ ነሐሴ 14 ቀን 2011 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቆጣጠር ኦገስት 20 ቀን 2019) ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ነው። ሰዓቱን የማውቀው ከአደጋው 10 ደቂቃ ያህል በኋላ ረዳቴ በስልኩ ካነሳው ፎቶ ነው።

ቦታው ከታርማበር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ ቁልቁለት ነው። በቀኝ ተራራና የውሃ ቦይ፣ በግራ ገደል አለ። መንገዱ ባለ ሁለት አቅጣጫ አስፋልት ነው።

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን 30 ኩንታል ድንች ወደ ሸዋ ሮቢት ጭኛለሁ። የጭነት ወረቀቱ ተያይዟል። ከእኔ ጋር ረዳቴ ብቻ ነበር። መጠጥ አልጠጣሁም።

ሌሊቱን ዘንቦ ከዋሻው ስወጣ አቁሟል። አስፋልቱ ርጥብ ነበር፤ ከተራራው የወረደ ጭቃ በቦታ በቦታ ነበረበት። ጭጋጉ ከባድ ነበር። ሁለት አይሱዙ ቢደረደር ሦስተኛው አይታይም፤ በግምት 25 ሜትር። የፊት መብራቴ ዝቅ ብሎ በርቶ ነበር። በሦስተኛ ማርሽ ነበርኩ። ቆጣሪውን አላየሁም፤ ፍጥነቴ በግምት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው።

መታጠፊያውን ስጨርስ በራሴ መስመር ላይ የቆመ ከባድ መኪና ከነተሳቢው አየሁ። የኋላ መብራቱ አይታይም ነበር። ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ተቀምጧል፤ ከተሳቢው 4 ሜትር ያህል ብቻ ርቆ። አንጸባራቂ ምልክት አላየሁም። ፍሬን ያዝኩ፤ መሪውንም ወደ ግራ ትንሽ ዞርኩ። ከፊት የሚመጣ አውቶቡስ መብራት ስላየሁ ወደ ግራ መስመር አልወጣሁም። ጎማው ተንሸራተተ። የመኪናዬ ቀኝ የፊት ጥግ ከተሳቢው ግራ የኋላ ጥግ ጋር ተጋጨ። አውቶቡሱ አልፎ ሄደ፤ ታርጋውን አላየሁም።

መኪናዬ እዚያው ቆመ። የእጅ ፍሬን ስቤ ሞተር አጠፋሁ። አራቱን ፍሬቻ ማብራቴን አላስታውስም። ረዳቴ ወርዶ ቅጠል ይዞ ወደ ኋላ ሮጠ። እኔ በሩን ከፍቼ ግራ እግሬን ሳወጣ ከኋላ የመጣ ሚኒባስ መታኝ። በሩ ተመልሶ የግራ ቅልጥሜን የውጭ ጎን ጎዳው። በሁለቱ ምት መካከል ምን ያህል እንደቆየ በትክክል አላውቅም፤ ረዳቴ ወርዶ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ለመሮጥ የበቃ ጊዜ ነበር።

በመጀመሪያው ምት የተጎዳው፦ የፊት ባምፐር በቀኝ በኩል፣ የቀኝ የፊት መብራትና ፍሬቻ፣ የቀኝ ስፖኪዮ፣ የጋቢናው ቀኝ የፊት ጥግ ላሜራ፣ የፊት መስታወት በቀኝ ታችኛ ጥግ የተሰነጠቀ። ራዲያተሩ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። በሁለተኛው ምት የተጎዳው፦ የኋላ ስፖንዳ፣ የግራ የኋላ መብራት፣ የኋላ ባምፐር። የግራ በር አሁን በደንብ አይዘጋም። ሻንሲው የተጎዳ መሆን አለመሆኑን አላውቅም፤ ተፈቶ ሲታይ የሚገኝ ጉዳት ካለ እንዲጨመር እጠይቃለሁ።

በቀኝ በኩል ከበሩ ሥር ያለው ረጅም ጭረት ከአደጋው በፊት የነበረ ነው። 6 ጆንያ ድንች ተቀዶ ተበትኗል።»

ቃሉ ላይ ስለ ጥፋት አንድም ነገር የለም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልተባለም፤ «ጥፋቱ የእሱ ነው»ም አልተባለም። ጥፋትን የሚወስነው ሌላ ነው። ሹፌሩ የሚያውቀው ያየውንና ያደረገውን ብቻ ነው።

የጉዳቱን ዝርዝር በሁለት ምት የከፈልነው ሆን ብለን ነው። ጋራዡ የሰጠው ፕሮፎርማ ሁሉንም በአንድ ላይ ደርድሮት ነበር። ከፍለው እንዲያመጡት መልሼ ላክሁት፤ የፊቱ ለብቻ፣ የኋላው ለብቻ። የአሮጌውን ጭረት ነገር ያነሱት ደግሞ ሹፌሩ ራሳቸው ናቸው። «ይሄኛው የድሮ ነው፣ እንዳይምታታ» አሉ። መኪናውን ሊያይ የሄደው ባለሙያ መጀመሪያ የተመለከተው ያንን ጭረት ነበር። ዝገት ይዞታል፤ አዲስ አለመሆኑን ማንም ያየዋል። ቃሉ ላይ ተጽፎ ሲያገኘው የቀረውን ዝርዝር ብዙ ሳይከራከር ተቀበለው።

አደጋው ቦታ ላይ የሆነ አንድ ነገር ዘግይቶ ወጣ። የሚኒባሱ ሹፌር «ፖሊስ ሳይመጣ እንስማማ፣ የኋላውን እኔ አሠራልሃለሁ» ብሎ ነበር። ወረቀትም ጽፎ ነበር፤ ሹፌራችን አልፈረሙም። ቢፈርሙ ኖሮ ችግር ነበር። መድን ድርጅቱ የኋላውን ጉዳት ከፍሎ በባለቤቷ ቦታ ተተክቶ ከሚኒባሱ ወገን መጠየቅ ይችላል። ሹፌሩ ቀድመው ከተስማሙ ግን ያ መብት ይበላሻል። ብዙ ውል ላይም ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ መስማማትና ጥፋትን ማመን ክልክል ነው። መንገድ ላይ የሚጻፍ «ተስማምተናል» የምትል ብጣሽ ወረቀት ብዙ ካሳ ስታስቀር አይቻለሁ።

ራዲያተሩ ተፈቶ ሲታይ ከኋላው ያለው ማራገቢያም ተሰብሮ ተገኘ። ያቺ «ተፈቶ ሲታይ» የምትለው መስመር ስለነበረች ያለ አዲስ ክርክር ተጨመረ። ሻንሲው ደህና ነበር።

የፖሊሱ ሪፖርት ሁለቱንም ነካክቷል፦ አይሱዙው ለእይታው ፍጥነቱን አላስተካከለም፤ ሚኒባሱም ርቀት አልጠበቀም። ተሳቢው ምልክቱን በጣም አቅርቦ እንዳስቀመጠም ተጽፏል። የፊቱ ጉዳት ተቀናሹ ተነስቶ በባለቤቷ ሙሉ ሽፋን ተከፈለ። የኋላውም አብሮ ተጠገነ፤ ወጪው ግን በኋላ ከሚኒባሱ መድን ወገን ተጠየቀ። ለተሳቢው የተጣመመ ብረት የአይሱዙው የሦስተኛ ወገን ሽፋን ከፈለ። የስድስቱ ጆንያ ድንች ግን አልተከፈለም። ጭነቱ የሌላ ነጋዴ ነበር፤ የመኪናው ውል ጭነትን አይሸፍንም። ባለቤቷ ለነጋዴው ከኪሷ ተካች።

መኪናው ከጋራዥ የወጣ ቀን ሹፌሩ ደውለውልኝ ነበር። የቃሉን ቅጂ ፈልገው ነው። «ሚኒባሱ ሌላ ቦታ ቢከሰኝ ይሄንኑ ነው የምደግመው፤ አንድ ቃል ሳልጨምር» አሉኝ። ማኅተም አስመትቼ በረዳቱ ላክሁላቸው።